ተከራይቼ በምኖርበት ክፍል ልብስ ልስፋ፦ ለአከራይ የሚጻፍ የፈቃድ ደብዳቤ

ድሬዳዋ ውስጥ ብዙው ተከራይ የሚኖረው ግቢ ውስጥ ነው። አንድ የውጭ በር፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ ቧንቧ፣ ከዚያ አራት አምስት ክፍል። አከራይዋም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የስፌት መኪና ተደብቆ አይሠራም። ድምፁ ይሰማል፣ ልኬት የሚያስለካው ሰው ይገባል ይወጣል፣ የወሩ መብራት ትንሽ ከፍ ካለ ደግሞ የሁሉም ዓይን ወደዚያ ክፍል ይዞራል። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፣ ያውም በጽሑፍ።

በጽሑፍ የሚሆነው ውሉ "ለመኖሪያ" ስለሚል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ተከራይ ቤቱን በውሉ ለተባለው አገልግሎት እንዲያውለው ይጠብቃል። በቃል "ሥሪ፣ ምን ችግር አለው" የተባለች ሰፊ ከዓመት በኋላ በውሃ ወይ በልጆች ምክንያት ከአከራይዋ ጋር ብትጋጭ፣ መጀመሪያ የሚነሳው መኪናው ነው። "ቤቴን ሱቅ አደረገችው" ይባላል። ያኔ ፈቃድ ተሰጥቶኛል ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

እዚህ የማወራው አንድ ክፍል ለመኖሪያ ተከራይቶ፣ እዚያው እየኖረ፣ በአንድ መኪና ለሚሰፋ ሰው ነው። ሦስት መኪና ደርድሮ ሠራተኛ መቅጠር ለሚፈልግ ይህ ደብዳቤ አይበቃም፣ እሱ ሌላ ቤት ነው የሚያስፈልገው።

ምሳሌ እንያዝ። ሳቢያን ሰፈር አራት በአራት የሆነ ክፍል የተከራየች ልብስ ሰፊ አለች እንበል። የእግር ሲንጀር አላት፣ ሞተር ልትገጥምበት አስባለች። የተማሪ ዩኒፎርም፣ ድሪያ፣ የቤት ቀሚስ ትሰፋለች፣ ማሳጠርና ዚፕ መቀየርም ትሠራለች። ኦቨርሎክ የላትም፣ እሱን ውጭ ታሠራለች። አከራይዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፣ ማዘር ነው የምትላቸው።

1. ቤቱ የማን እንደሆነ አጣሩ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ኪራይ የሚቀበሉት ሰው የቤቱ ባለቤት ላይሆኑ ይችላሉ። የቀበሌ ቤት ይዘው ከፊሉን ለሌላ ያከራዩ ከሆነ፣ የእሳቸው ፊርማ ለእናንተ ዋስትና አይሆንም፣ እሳቸውንም ችግር ውስጥ ሊከታቸው ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት ደብዳቤ ይዞ ከመቅረብ ሥራውን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው የሚያዋጣው።

ቤቱ የግል ሆኖ ባለቤትየው ውጭ አገር ካሉ ደግሞ ኪራይ የሚሰበስበው ወንድም ወይ ዘመድ ውክልና አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የባልና የሚስት ከሆነ ሁለቱም ቢፈርሙ ጥሩ ነው። ወራሾች ያልተከፋፈሉት ቤት ከሆነ ቢያንስ ውሉን የፈረመው ሰው ይፈርም፣ ሌሎቹም ይወቁት።

2. ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ በኋላ የመኖሪያ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ የእናንተም ውል ወረቀት ላይ ይኖራል ብዬ ልገምት። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ቤቱ ለምን አገልግሎት ተከራየ ይላል፣ ንግድን በግልጽ ይከለክላል ወይ፣ መብራት በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ ይከፈላል። "ከመኖሪያ ውጪ ለማንኛውም ሥራ መጠቀም አይቻልም" የሚል ካለ አትደንግጡ። አከራዩ ከፈቀዱ ሊታለፍ ይችላል፣ ግን ደብዳቤው የውሉን ቀን ጠቅሶ "በውሉ ላይ የተቀመጠው እንዳለ ሆኖ ለዚህ ሥራ ብቻ" ማለት አለበት።

አከራይ መፍቀዳቸው የንግድ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ ለማውጣት ካሰባችሁ መጀመሪያ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ከአከራይ በኩል ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ማዘርን አንዴ አስፈርሞ በሳምንቱ "ሌላም ወረቀት አለ" ብሎ መመለስ ጥሩ አይደለም፣ ሰው ይጠራጠራል።

3. መብራቱን አስሉ

አከራይ በልባቸው ከሚያስቡት ነገር ትልቁ ይሄ ነው። አፍ አውጥተው ባይሉትም። ስለዚህ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

የእግር መኪና መብራት አይበላም። ሞተር ከገጠማችሁ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ዋት እዩ። የእኛዋ ሰፊ ሞተር 250 ዋት ነው እንበል። በቀን ስድስት ሰዓት ብትሠራም መለካት፣ መቁረጥና መተኮስ ስላለ መኪናው የሚዞረው ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። 250 በ4 ሲባዛ 1000፣ ማለትም አንድ ኪሎዋት ሰዓት። ካውያዋ 1200 ዋት ነው፣ ተሰብስቦ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ 0.6 ይሆናል። አምፖሏ ኢምንት ናት። በቀን 1.64 ገደማ፣ በ26 የሥራ ቀን ደግሞ ወደ 43 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል።

ልብ በሉ፣ ግማሽ ሰዓት የሠራው ካውያ አራት ሰዓት የሠራውን መኪና ከግማሽ በላይ በልቷል። ሰው የሚፈራው መኪናውን ነው፣ ቆጣሪውን የሚያሯሩጠው ግን ካውያ ነው። ልብሱን ሰብስቦ በቀን አንዴ መተኮስ ስለዚህ ነው የሚጠቅመው፣ በየስፌቱ መሃል ካውያውን ሰክቶ መተው ሒሳቡን ያበላሸዋል።

አሁን ክፍያው። የግቢው ሁሉ ፍጆታ በወሩ 250 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆንና ከዚያ 43ቱ የስፌቱ ቢሆን፣ ድርሻዋ ከመቶ 17 ገደማ ነው። ነገር ግን የመኖሪያ ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ እሷ የጨመረችው የጎረቤቶቿንም ሒሳብ ይነካል። 17 ነው ብሎ ከመከራከር ከመቶ 20 እከፍላለሁ ብሎ መቅረብ ብልህነት ነው። ከዚህም የሚሻለው ለክፍሏ ትንሽ ቆጣሪ በራሷ ወጪ ማስገጠም ነው። የስንቱ ነው የሚለው ጭቅጭቅ ያን ቀን ይቆማል።

ካውያ፣ ሞተርና ማራገቢያ በአንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩ። ገመዱ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ወይም መኪናው ሲነሳ አምፖሉ ደብዘዝ የሚል ከሆነ የክፍሉ መስመር ሥራውን አልቻለም ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ደብዳቤውን አትስጡ።

4. በቃል አናግሩ፣ ከዚያ ጻፉ

ደብዳቤ ድንገት በእጅ ሲሰጥ አንዳንድ አከራይ "ምነው፣ ክስ ነው እንዴ?" ይላሉ። አይፈረድባቸውም፣ በወረቀት የሚመጣ ነገር ብዙ ጊዜ ጥሩ ወሬ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ አውሩ። "ማዘር፣ ቤት ውስጥ ትንሽ ልስፋ ብዬ አስቤ ነበር፣ እርስዎን ሳላማክር አልጀምርም። ከተስማሙ በወረቀት አድርጌ አመጣልዎታለሁ፣ ለእርስዎም ለእኔም ማስታወሻ ይሆናል።" ይህ በቂ ነው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። የሚያነሱት ስጋት በሙሉ ደብዳቤው ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። "የማላውቀው ሰው ግቢዬ ውስጥ" ካሉ የደንበኞችን ነገር ዘርዝሩ። "ሌሊት ሌሊት" ካሉ ሰዓቱን አጥብቁ።

ጊዜም ምረጡ። ኪራይ ያዘገያችሁበት ሳምንት አይሆንም። የቁልቢ ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ፣ ቤቱ እንግዳ ይሞላል፣ ያኔም አይሆንም። በበርጫ ሰዓት ደግሞ ሁሉም ነገር "እሺ፣ ምን ችግር አለ" ነው፣ በምርቃና የተገኘ ፈቃድ ግን ማታ ላይ ላይታወስ ይችላል። ጠዋት ይሻላል። ለዩኒፎርም ሥራ የምታስቡ ከሆነ ነሐሴ እስኪገባ አትጠብቁ፣ ጨርቅ ከተቀበላችሁ በኋላ "አይሆንም" ብትባሉ የደንበኛውን ጨርቅ ይዛችሁ ነው የምትቀሩት።

5. ደብዳቤው

አንድ ገጽ ይበቃል። በእጅ ቢጻፍም ችግር የለውም፣ ይነበብ ብቻ። ታሪካችሁን፣ የኑሮ ውድነቱን፣ ስንት ሰው እንደምታስተዳድሩ አትዘርዝሩ። ያንን በቃል ነግራችኋል። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ወደፊት "እንዲህ ብለሽ አልነበር?" ተብሎ የሚጠየቀው ነገር ነው፦ ምን ይሠራል፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ይገባል፣ መብራቱን ማን ይከፍላል፣ ካልተስማማን እንዴት ይቆማል። የማትጠብቁትን ቃል አትግቡ። "ምንም ድምፅ አይሰማም" ውሸት ነው፣ ሲንጀር ይሰማል።

የእኛዋ ሰፊ የጻፈችው ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ ………… 2018 ዓ.ም.

ለ፦ ወ/ሮ ………………
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ጉዳዩ፦ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ አነስተኛ የልብስ ስፌት ለመሥራት ፈቃድ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ ……………… በ………… ቀን በተፈረመው ውል መሠረት በግቢዎ ውስጥ ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ሁለተኛ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በዚሁ ክፍል እየኖርኩ በአንድ የስፌት መኪና ልብስ ለመስፋትና ለማስተካከል እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የምሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም፣ ድሪያና የቤት ቀሚስ ሲሆን ማሳጠር፣ ማጥበብና ዚፕ መቀየርም እሠራለሁ። ብቻዬን እሠራለሁ፣ ሠራተኛ አላስገባም።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት እሠራለሁ። ከዚህ ሰዓት ውጪና እሑድ መኪናው አይሠራም።

ደንበኞች በቀጠሮ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ይመጣሉ፣ በቀን ከአራት ሰው አይበልጡም። በሩ ላይ ተቀብዬ የምሸኛቸው እኔ ነኝ። በግቢው በር ላይ ታፔላ አልሰቅልም።

ለክፍሉ መብራት የራሱ ትንሽ ቆጣሪ በእኔ ወጪ፣ እርስዎ ባሉበት በኤሌክትሪሺያን አስገጥሜ፣ በየወሩ በንባቡ መሠረት እከፍላለሁ። ይህ ክፍያ የመብራት እንጂ የኪራይ ጭማሪ አይደለም።

መኪናውን ከጎረቤት ግድግዳ አርቄ፣ ከእግሩ ሥር ጎማ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ብጣሽ ጨርቅ በማዳበሪያ ሰብስቤ አወጣለሁ። የከሰል ካውያ ክፍሉ ውስጥ አልጠቀምም። ግድግዳ አልበሳም፣ ጉዳት ካደረስኩ በራሴ ወጪ አስተካክላለሁ።

ይህ ፈቃድ የኪራይ ውላችንን አይለውጥም፣ ክፍሉም መኖሪያ ሆኖ ይቀጥላል። መጀመሪያ ለሦስት ወር እንሞክረው። ከዚያ በኋላ ካልተመችዎት በጽሑፍ ሲነግሩኝ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የስፌት ሥራውን አቆማለሁ፣ የመኖሪያ ኪራዬ ግን በውሉ መሠረት ይቀጥላል።

ከሠላምታ ጋር
ስም ………… ፊርማ ………… ስልክ …………

የአከራይ መልስ፦ ከላይ በተጻፈው መሠረት ፈቅጃለሁ / አልፈቀድኩም
ስም ………… ፊርማ ………… ቀን …………
ምስክሮች፦ 1. ………… 2. …………

ከዚህ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ቆም በሉ። አንዱ ሰዓቱ ነው። ከ6 እስከ 10 ሰዓት የተተወው ለጌጥ አይደለም። በድሬ ሙቀት ያ ሰዓት ሰው ጋደም የሚልበት ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ከግድግዳው ማዶ ሲንጀር ሲንደቀደቅ የማይቆጣ ጎረቤት የለም። ለመቁረጥና ለእጅ ስፌት ግን ያ ሰዓት ጥሩ ነው፣ ድምፅ የለውም። ለበዓል ሥራ ሲበዛ "ለአሥር ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ላምሽ?" ብሎ ለብቻ መጠየቅ ይቻላል። ከመጀመሪያው ማታን ደብዳቤው ውስጥ ማስገባት ግን እምቢታን መጋበዝ ነው።

ሌላው የመጨረሻው አንቀጽ ነው። አከራይ በቀላሉ እንዲፈቅዱ የሚያደርጋቸው ሊያስቆሙት እንደሚችሉ ማወቃቸው ነው። "አንዴ ከፈቀድኩ ቤቴ ንግድ ቤት ሆኖ ይቀራል፣ ግብሩም ይለወጥብኛል" ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል እናንተም "ስፌቱን አቁሚ" ማለት "ክፍሉን ልቀቂ" ማለት እንዳይሆንባችሁ ሁለቱን መለየት አለባችሁ። ያቺ "ኪራዬ ግን በውሉ መሠረት ይቀጥላል" የምትለው ሐረግ ከደብዳቤው ሁሉ ለእናንተ የምትጠቅመው ናት። አትቁረጧት።

6. ማስፈረም

ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ ሁለቱም ላይ ይፈረም፣ አንዱ እሳቸው ጋ ይቅር። ማዘር አማርኛ ማንበብ ካልቻሉ ወይ ኦሮምኛ ወይ ሶማልኛ የሚቀላቸው ከሆነ፣ እሳቸው የሚያምኑት ሰው በሚገባቸው ቋንቋ ከላይ እስከ ታች ያንብብላቸው። ያነበበው ሰው አንዱ ምስክር ሆኖ ይፈርም። ልጃቸው ቢሆን በጣም ጥሩ፣ በኋላ "እናቴን አሳስታ አስፈረመቻት" የሚል አይኖርም። ሁለተኛው ምስክር የግቢው ተከራይ ይሁን፣ በተለይ ግድግዳ የምትጋሩት።

"እኔ ቃሌ ይበቃል፣ ፊርማ ምንድነው" የሚሉም አሉ። አታስጨንቋቸው። ያን ዕለት ማታ በስልካቸው አጭር መልእክት ላኩ፦ "ማዘር፣ ዛሬ እንደተነጋገርነው በክፍሌ በአንድ መኪና እንድሰፋ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ሰዓቱ ከ2 እስከ 6 እና ከ10 እስከ 12፣ መብራቱን በቆጣሪዬ እከፍላለሁ።" "እሺ ልጄ" የሚል መልስ ከመጣ አታጥፉት። እንደ ፊርማ አይጠነክርም፣ ከባዶ እጅ ግን ይሻላል።

7. "ኪራይ ጨምሪ" ወይም "አይሆንም" ካሉ

ጭማሪ መጠየቃቸው አይቀርም ብላችሁ ግቡ። የመኖሪያ ኪራይ ጭማሪ በአዋጁ መሠረት በዓመት አንዴ መንግሥት በሚያስታውቀው መጠን ነው፣ በየምክንያቱ አይደለም። ይህን ፊት ለፊት እንደ ሕግ አዋቂ መወርወር ግን ወሬውን ይዘጋዋል። ይልቅ ገንዘቡ የምን እንደሆነ ጠይቁ። የመብራት ከሆነ በቆጣሪው ይፈታል። የግቢ ጽዳት ከሆነ "ጠረጋውን እኔ እይዛለሁ" ማለት ይቻላል። የሚከፈል ነገር ካለ በስሙ ይጻፍ፣ ዝም ብሎ ኪራይ ላይ ከተደመረ ስፌቱን ብታቆሙም ጭማሪው አብሯችሁ ይቀራል።

"አይሆንም" ካሉ ምኑ እንደሆነ ለዩ። ብዙ ጊዜ እምቢ የሚባለው መስፋቱ ሳይሆን ሰው መግባቱ ነው። እንዲያ ከሆነ ልኬቱንና ርክክቡን ደንበኛው ቤት ወይም ገበያ ያለ የምታውቁት ጨርቅ ነጋዴ ጋ አድርጉ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራው መስፋቱ ብቻ ይሁን፣ ደብዳቤውም "ደንበኛ ወደ ግቢው አይመጣም" ተብሎ እንደገና ይጻፍ። እምቢታው ሞተሩ ላይ ከሆነ በእግር መኪና ጀምሩ። ጉዳዩ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ከሆነ መኪናውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዙራችሁ አንድ ቀን እየሠራችሁ አሰሟቸው።

ከተፈቀደላችሁ በኋላ የሚለወጥ ነገር ካለ፣ ኦቨርሎክ ብትገዙ ወይም ለማጅ ብታስገቡ፣ የድሮው ፊርማ ያንን አይሸፍንም። በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ መስመር ጽፋችሁ፣ ቀን አድርጋችሁ፣ በሁለቱም ቅጂ እንደገና አስፈርሙ።